መተግበሪያው ቀይ አበራ፤ የእናቴን መድኃኒት በሰዓት ብለየው ይበቃል?

ይህ የኢንተርኔት የውይይት ክር ረጅም ስለሆነና መሃሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ ቁም ነገሩ እንዳይጠፋ ምላሾቹን በቅደም ተከተላቸው በራሴ አባባል አስፍሬያቸዋለሁ። የራሴን አስተያየት ጣልቃ ያስገባሁበት ቦታ አለ፤ አንባቢ ይለየዋል።

መነሻ ጽሑፍ

ጠያቂዋ ፍራንክፈርት ትኖራለች፤ የ67 ዓመት እናቷ አዲስ አበባ ናቸው። የእናቷን መድኃኒቶች በሰዓት አስታዋሽ መተግበሪያ የምትመዘግበውና የምትከታተለው እሷ ናት። እናትየው ጠዋት ለደም ግፊት 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን፣ ማታ ለኮሌስትሮል 20 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን ይወስዳሉ። መተግበሪያው ገና ከመጀመሪያው ሁለቱን መድኃኒቶች በቀይ መስመር አያይዞ `Major`፣ ማለትም ከባድ፣ የሚል ማስጠንቀቂያ አሳይቷት ነበር። ያን ጊዜ የሰፈራቸውን ፋርማሲስት አስጠይቃ በዚህ መጠን ችግር እንደሌለው ስለተነገራት ቀዩን መስመር ማየት ለምዳለች።

አሁን እናቷ ለጨጓራቸው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደው ኤች ፓይሎሪ ተገኘባቸው። ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የታሸጉበት፣ ለ14 ቀን የሚወሰድ ሳጥን ታዘዘላቸው። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የንግድ ስም ብታስገባ መተግበሪያው አላውቀውም አለ፤ ማስጠንቀቂያም አልሰጠም። ከዚያ ሳጥኑን በፎቶ አስልካ በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን ስሞች አንድ በአንድ አስገባች፦ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን። ክላሪትሮማይሲንን ስትጨምር ያው ቀይ መስመር፣ ያው `Major` ከሲምቫስታቲን ጋር ተያይዞ መጣ። ጥያቄዋ ይኸው ነው፦ ይህም እንደ በፊቱ የሚታለፍ ነው? ካልሆነስ ሁለቱን በሰዓት ማራራቅ ይበቃል? እናቷ የመጀመሪያውን ፍሬ የሚውጡት በዚያው ቀን ከእራት በኋላ ነበር።

ምላሽ 1

ለእናትየው ምሕረት ከተመኘ በኋላ መተግበሪያዎችን በጅምላ ያጣጣለ ሰው ነው። የአባቱ ዝርዝር ከዓመት እስከ ዓመት ቀይ እንደሆነና አባቱም ምንም እንዳልሆኑ ጻፈ። በእሱ እምነት እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች የሚጻፉት ድርጅቶቹ እንዳይከሰሱ እንጂ ለበሽተኛው ታስቦ አይደለም። ሐኪም ካዘዘ ሐኪም ያውቃል፣ ነው ነገሩ።

ምላሽ 2

ከአትላንታ የጻፈ ሰው ነው፤ ትሑት፣ አመስጋኝ። የእንቅርት መድኃኒት ይወስዳል። በኋላ ካልሲየም ሲታዘዝለት መተግበሪያው አስጠነቀቀው፤ ፋርማሲስቱን ቢጠይቅ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት እንዲያደርግ ተነገረው፤ እንዲሁ አደረገ፣ የደም ምርመራውም ተስተካከለ። ስለዚህ ሲምቫስታቲኑን ወደ ቀትር አዛውራ ክላሪትሮማይሲኑን ጠዋትና ማታ እንድታደርግ መከራት። ስለ ራሱ መድኃኒት የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። ጥፋቱ ያንን ሕግ ለሁሉም መድኃኒት መስጠቱ ላይ ነው።

ምላሽ 3

ጠያቂዋ አመሰገነችና የሲምቫስታቲኑን ደወል ወደ ቀትር ማዛወሯን አሳወቀች። ጥያቄው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተመልሶ የተዘጋ መሰለ፤ የተዘጋውም በስሕተት ነበር። የሰዓት አስታዋሽ መተግበሪያ ለዚህ ይገፋፋል። በጁ ያለው መሣሪያ ሰዓት ስለሆነ፣ ማንኛውም ችግር ሰዓት በማንቀሳቀስ የሚፈታ ያስመስለዋል።

ምላሽ 4

አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ቅድሚያ የጻፈችው እናትየው በዚያ ምሽት ሁለቱን አብረው እንዳይጀምሩና ሳጥኑን የሸጠላቸው ፋርማሲ ከመዘጋቱ በፊት እንዲደወል ነው። ማብራሪያው ከዚያ በኋላ መጣ።

የእንቅርት መድኃኒትና ካልሲየም የሚጣሉት አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ነው። ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ እንዳይገናኙ ካደረጓቸው ጠቡ ያበቃል። የክላሪትሮማይሲንና የሲምቫስታቲን ነገር ግን ከመገናኘት ጋር አይያያዝም። ሲምቫስታቲንን ሰባብሮ ከሰውነት የሚያስወግደው በጉበትና በአንጀት ያለ ኢንዛይም ነው፤ ክላሪትሮማይሲን ያንን ኢንዛይም ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚወሰድ ኢንዛይሙ በመሃል የሚያገግምበት ፋታ የለም፤ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ እንኳ ቀናት ይፈልጋል። የመታጠቢያ ማፍሰሻው ተደፍኖ ሳለ ውኃውን ጠዋት አፈሰሱት ማታ፣ ሞልቶ መፍሰሱ እንደማይቀር አድርጋ ገለጸችው። በደም ውስጥ ያለው የሲምቫስታቲን መጠን ወደ 10 እጥፍ ገደማ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ መግለጫ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ፈጽሞ ይከለክላል።

የሚፈራው ለጡንቻ ነው። ጭንና ትከሻ ያለ ምክንያት ይታመማሉ፣ ደረጃ መውጣት ወይም ከወንበር መነሳት ያቅታል። ሲብስ የጡንቻው ስብርባሪ ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ያውካል፤ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እንደማይደርስ፣ ከደረሰ ግን አስታማሚን ሆስፒታል እንደሚያሳድር ጨመረች።

የመጀመሪያው ቀይ መስመር ለምን እንደታለፈም አስረዳች። አምሎዲፒን የሲምቫስታቲንን መጠን ከፍ የሚያደርገው በጥቂቱ ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2011 ባወጣው ገደብ መሠረት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። እናትየው ልክ ገደቡ ላይ ናቸው። መተግበሪያው የሚያነጻጽረው የስም ጥንድ እንጂ መጠኑን ስላልሆነ 10 ለሚወስደውም 40 ለሚወስደውም ያንኑ ቀይ ያበራል። ስለዚህ አንዱ ቀይ የመጠን ገደብ ነበር፤ ሌላኛው ክልከላ ነው።

ምላሽ 5 እና 6

አንድ ሰው ርዕሱን አይቶ ብቻ የገባ ይመስላል። የእሱ መተግበሪያ ጭራሽ እንደማይደውልና የአስም መድኃኒቱን እየረሳ እንዳለ አማረረ። ሌላው መልስ ሰጠው፦ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ መተግበሪያውን ከበስተጀርባ እየዘጋው ስለሚሆን፣ በቅንብር ውስጥ ገብቶ ከባትሪ ቁጠባ ውጭ ያድርገው። ሠራለት። ከጥያቄው ጋር ባይገናኝም ሙሉ በሙሉ የተፈታው ችግር ይኼ ነው።

ምላሽ 7

ከሜሪላንድ የጻፈች ሴት የአጎቷን ታሪክ አመጣች። አጎትየው የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቶ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ ተደረገላቸው፤ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ታዘዙላቸው። የልጃቸው መተግበሪያ ሁለቱ ሲደመሩ ደም እንዲፈስ እንደሚያደርጉ በቀይ አስጠነቀቀ። ሰውየው ደነገጡና ማንንም ሳያማክሩ ክሎፒዶግሬሉን ተዉት። ጥቂት ሳምንት ቆይተው በደረት ሕመም ድንገተኛ ክፍል ገቡ፤ ስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ለፋርማሲስቷ ያቀረበችው ወቀሳ ለስላሳ ሆኖ ሹል ነው፦ ሕዝቡን በቀይ መስመር ማስፈራራት እንዲህ ያለ መዘዝ አለው።

ምላሽ 8

ፋርማሲስቷ ወቀሳውን በከፊል ተቀበለች። በአጎትየው ጉዳይ ማስጠንቀቂያው ሐሰት አልነበረም፤ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የመድማት አደጋ በእርግጥ ይጨምራል። ሐኪሙ ግን ያንን እያወቀ ነው ያዘዘው፣ ምክንያቱም ስቴንቱ እንዳይዘጋ የሚጠብቀው የሁለቱ ጥምረት ነው። መተግበሪያው መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘ አያውቅም። ከዚህ ተነሥታ አንድ ነገር ደጋግማ አሳሰበች፦ ቀይ ሲበራ ለዓመታት የሚወሰድን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ፣ ቀዩን ንቆ ከማለፍ አይሻልም። የሜሪላንዷ ሴት ይህን አነበበችና በምስጋና ተለያዩ።

ምላሽ 9

የምላሽ 1 ጸሐፊ ተመለሰ፤ ቃናው ተለውጧል። ቀዩ አንዴ እውነት፣ አንዴ ግማሽ እውነት፣ አንዴ ደግሞ ሐኪሙ አውቆ ያደረገው ከሆነ ለተራ ሰው ምን ይረባዋል የሚል ነው ጥያቄው። ባለሙያዎች ሰው ሁሉ እነሱ ዘንድ እንዲመላለስ ስለሚፈልጉ ነገሩን ያወሳስባሉ ብሎም ወረፋቸው። ጨዋነት የጎደለው ነው፤ ጥያቄው ግን የክሩ ምርጥ ጥያቄ ነበር።

ምላሽ 10

ፋርማሲስቷም ትዕግሥቷ አልቆ ነበርና አልራራችለትም። ቀለሙን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ጽሑፉን አላነበበም ማለት ነው፤ መስመሩ ሲነካ ከሥሩ ዝርዝር ይከፈታል፣ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። `separate` የሚል ቃልና የሰዓት ቁጥር ካለ ችግሩ በሰዓት ይፈታል፤ የእንቅርቱ መድኃኒት ዓይነት ነው። `do not exceed` ካለ ወዲያው የሳጥኑን ሚሊ ግራም አይቶ ማነጻጸር ነው። `monitor` ካለ መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ ግን የሚለካ ነገር አለ፤ ግፊት፣ ስኳር ወይም የደም ምርመራ። `avoid` ወይም `contraindicated` ካለ ደግሞ የሚቀጥለው ፍሬ ከመዋጡ በፊት ይደወላል።

እሷ ራሷ ደንበኞቿ በየትኛው ጊዜ ቢጠይቋት እንደምትወድም ነገረችን። አሮጌ ቀይ፣ አንድ ጊዜ የተጠየቀበት፣ መጠኑም ያልተለወጠ ከሆነ በየወሩ መመላለስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ሲገባ ነው፤ በተለይ ከሌላ ሐኪም የታዘዘ የአጭር ጊዜ መድኃኒት። ለ7 ወይም ለ14 ቀን ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ለዓመታት ተረጋግቶ የቆየውን የሚያናጋው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለተኛው የአሮጌው መጠን ሲጨመር ነው፤ ቀዩ ያው ቀይ ስለሆነ መተግበሪያው ለውጡን አይናገርም። ሦስተኛውን ከራሷ ከጠያቂዋ ታሪክ ወሰደችው፦ መተግበሪያው ስሙን ሳያውቀው ሲቀር። ከሕንድ ወይም ከሌላ አገር የሚመጣ የንግድ ስም መዝገቡ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ዝም ማለቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ አልመረመረውም። ልጅቱ ሳጥኑን በፎቶ አስልካ ሦስቱን ስሞች ባታስገባ ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር።

ምላሽ 11

ከደብረ ብርሃን የጻፈ ሰው በሐሳቡ ተስማማ፣ በሁኔታው ግን አልተስማማም። እሱ በሚያውቀው መድኃኒት ቤት ከመስኮቱ ጀርባ የሚቆመው አንዳንድ ጊዜ የባለቤቱ ዘመድ ነው፤ ማዘዣውን ተቀብሎ፣ ሳጥኑ ላይ በቀን ሁለቴ ብሎ ጽፎ፣ ሂሳብ ይቀበላል። ሰው ከኋላ እየገፋ ስለ ኢንዛይም ማን ይጠይቃል? ይህን የጻፈው በቀልድ ቢሆንም ከሥሩ የተሰበሰበው ድጋፍ የእውነት ነበር።

ምላሽ 12

ፋርማሲስቷ አላስተባበለችም። የሥራ ፈቃዱ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ ስሙ እዚያ ያለውን ባለሙያ መጠየቅ እንደሚቻልና እሱ የሌለበትን ሰዓት አውቆ በሌላ ሰዓት መምጣት እንደሚሻል ተናገረች። ደግሞም ጥያቄው አጭር ይሁን፦ መተግበሪያው ቀይ አበራብኝ ማለት ለማንም መልስ አይሰጥም። ይህን ለዓመት እወስዳለሁ፣ መጠኑ ይኸው፣ ይህን ዛሬ ለ14 ቀን ታዘዝኩ፣ አብሬ ልውሰድ ወይስ አንዱን ላቁም፣ ካቆምኩስ መቼ ልመልሰው? ሳጥኖቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ከየትኛውም ማብራሪያ ይበልጣል ባይ ናት።

ምላሽ 13

ጠያቂዋ ማታ ተመለሰች። እናቷ ፋርማሲው ዘንድ ደወሉ፤ ፋርማሲስቱም ለጨጓራ ሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ ሲምቫስታቲን እንደሚወስዱ አላወቀም ነበር። የኮሌስትሮሉን መድኃኒት ያዘዘላቸው ሌላ ክሊኒክ ነው፤ እሳቸውም የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ሲባሉ የግፊቱን ብቻ ተናግረዋል፣ ኮሌስትሮልን እንደ በሽታ ስለማይቆጥሩት። የተወሰነው እንዲህ ነው፦ ሕክምናው እስኪያልቅ ሲምቫስታቲን ይቆማል፤ አምሎዲፒን ይቀጥላል፤ ግን ክላሪትሮማይሲን የእሱንም መጠን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊታቸውን ይለካሉ፣ ብድግ ሲሉ ካዞራቸው ወይም እግራቸው ካበጠ ይደውላሉ።

ፋርማሲስቱ አንድ ነገር አደራ ብሏታል። ሲምቫስታቲኑን ከመተግበሪያው እንዳትሰርዘው፣ ለጊዜው ብቻ እንድታቆመውና የሚመለስበትን ቀን እንድታስገባ። የተሰረዘ መድኃኒት ተረስቶ እንደሚቀር ያውቃል።

ምላሽ 14

ስቶክሆልም የሚሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። በውሳኔው ተስማምቶ ሁለት ነገር አከለ። በቅርብ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስቴንት ለሌላቸው ሰው የኮሌስትሮል መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ማቋረጥ ይህን ያህል አይጎዳም፤ ያለባቸው ከሆኑ ግን ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ሌላ የኤች ፓይሎሪ ሕክምና መምረጥ ወይም የኮሌስትሮሉን ወደ ሮሱቫስታቲን መለወጥ ይቻላል፤ ሮሱቫስታቲን በዚህ ኢንዛይም እምብዛም ስለማያልፍ። የፋርማሲስቷን ሐሳብ የተቃወመው አንድ ቦታ ላይ ነው። እሷ ቆየት ብላ በጻፈችው መስመር የመጨረሻው ፍሬ በተወሰደ ማግስት ሲምቫስታቲን እንዲመለስ ሐሳብ ሰጥታ ነበር፣ መግለጫው የሚከለክለው በሕክምናው ወቅት ብቻ ስለሆነ። እሱ ግን ኢንዛይሙ ለማገገም ቀናት እንደሚፈልግ ራሷ መጻፏን አስታውሶ ጥቂት ቀን መጠበቅን መረጠ። አልተስማሙም፤ ጠያቂዋም የእናቷ ሐኪም የሚለውን እንደምትከተል ጽፋ ዘለለችው።

ምላሽ 15 እና 16

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሰዓት ሄደ። አንዲት ሴት በመተግበሪያው የሚታየው 8:00 ለእናቷ ስምንት ሰዓት ሆኖ፣ የማታው መድኃኒት ለሳምንታት ከምሳ በኋላ ሲወሰድ መቆየቱን ጻፈች። ልጅ ከውጭ አገር ያስተካክላል፣ እናት በአገር ቤት ሰዓት ያነባሉ፤ ስድስቱን ሰዓት የሚያስታውቅ የለም። አንዱ ለደወሉ በመድኃኒቱ ስም ፋንታ ከእራት በኋላ የሚል ስም መስጠት እንደሚበጅ መከረ። ሌላው በበጋና በክረምት የአውሮፓ ሰዓት ስለሚለዋወጥ መተግበሪያው የትኛውን አገር ሰዓት እንደሚከተል እንድታረጋግጥ አሳሰባት። በነገራችን ላይ የመነሻ ጽሑፉ ባለቤት ይህን አንብባ ልትፈትሽ ሄዳ ስትመለስ የእሷም እናት ስልክ እንዲሁ ሆኖ አግኝታዋለች።

ምላሽ 17

የምላሽ 1 ጸሐፊ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ አጭር ነበር። የአባቱን መተግበሪያ ከፍቶ ከቀዩ መስመር ሥር ያለውን አንብቧል። አባቱ 10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ከ40 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን ጋር ነው የሚወስዱት። ስድብ የለም፣ ወረፋም የለም፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ።

ምላሽ 18

ፋርማሲስቷም ያለፈውን አላነሳችበትም። መጠኑ ከገደቡ በላይ እንደሆነ፣ ይህ ማለት ግን አባቱ ተጎድተዋል ማለት እንዳልሆነና በዚህ መጠን ዓመታት ያለ ችግር የቆየ ሰው እንዳለ ጻፈች። አባቱ ጭናቸው ወይም ትከሻቸው ይታመም እንደሆነ፣ ከወንበር ሲነሱ እጃቸውን ይደገፉ እንደሆነና የሽንታቸው ቀለም ተለውጦ እንደሆነ ጠየቀችው። ከነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ። ከሌለ ሐኪማቸው መጠኑን እንዲቀንስ ወይም መድኃኒቱን እንዲለውጥ ይጠየቅ፤ ግማሹን ፍሬ በራሳቸው ቆርጠው አይጀምሩ።

ምላሽ 19 እስከ 21

ሰውየው አባቱ ስለ ጉልበታቸው እንደሚያማርሩ፣ ግን እሱ የዕድሜ ነው ብሎ እንደሚያስብ መለሰ። በዓል ስለሆነ ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ ሰኞ ሊወስዳቸው አስቧል። የደብረ ብርሃኑ ሰው የመገጣጠሚያ ሕመምና የጡንቻ ሕመም ስለሚለያዩ እስከ ሰኞ መቆየት እንደሚቻል ሐሳቡን ሰጠ። የስቶክሆልሙ ሐኪም ተቃወመ፦ ጉልበቴን የሚል አዛውንት ጭኑንም ጉልበት ሊለው ስለሚችል፣ ልጁ ዛሬውኑ አባቱን ያለ ድጋፍ ከወንበር አስነሥቶ ይመልከት፣ የትኛው ቦታ እንደሆነም በእጃቸው ያስነካቸው፤ መነሳት ካቃታቸው በዓልም ቢሆን ክፍት የሆነ ሆስፒታል ይፈለግ። ከዚያ ወዲህ በክሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።